ነባር ደንበኞችን ከአዲስ ደንበኛ ማፈላለጊያ ማስታወቂያ የማስወጣት ዝርዝር መመሪያ፦ በፌስቡክ አስተዋውቀው በስልክ ቁጥር ትእዛዝ ለሚቀበሉ ሻጮች

አዲስ ደንበኛ ለማግኘት በፌስቡክና በኢንስታግራም ከሚወጣው ገንዘብ ከፊሉ ከዚህ በፊት ገዝተው በሚያውቁ ሰዎች ላይ የሚያልቀው በአጋጣሚ አይደለም። ዘመቻው ግዢ እንዲያመጣ ሲታዘዝ፣ የሜታ ሥርዓት በተሰጠው በጀት ብዙ ግዢ ሊያስመዘግቡ የሚችሉ ሰዎችን ይፈልጋል፤ ከእነዚህም ቀዳሚዎቹ ዕቃውን የሚያውቁት፣ ሻጩን የሚያምኑትና በየወሩ የሚያዝዙት ነባር ደንበኞች ናቸው። ሥርዓቱ የታዘዘውን በትክክል እየፈጸመ ነው፤ እነዚህ ሰዎች አስቀድመው የተገኙ መሆናቸውን ግን የነገረው የለም።

ነገሩን ይበልጥ የሚሸፍነው የአቆጣጠሩ ደንብ ነው። በመደበኛው አሠራር ሜታ አንድን ግዢ ለማስታወቂያው የሚመዘግበው፣ ገዢው ማስታወቂያውን ከነካ በኋላ ባሉት 7 ቀናት ወይም ሳይነካ አይቶት ካለፈ በኋላ ባለው 1 ቀን ውስጥ ከገዛ ነው። በአዲስ አበባ የሕፃናት ዳይፐር በድረ ገጽ ቅጽ እየታዘዘ የሚገዛበት ሱቅ አለ ብለን እናስብ። በየወሩ መጨረሻ ሁለት እሽግ የምታዝዝ እናት ማታ ኢንስታግራም ስታይ የሱቁ ማስታወቂያ በፊቷ ያልፋል፤ በማግስቱ እንደ ልማዷ ታዝዛለች፤ በሪፖርቱ ላይ ማስታወቂያው ያመጣው አንድ ግዢ ሆኖ ይቆጠራል። ያለ ማስታወቂያውም ታዝዝ ነበር። በዚህ መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምንከተለው ይህንኑ ሱቅ ነው፤ ቁጥሮቹም ለማስረዳት የተወሰዱ ናቸው።

መጀመሪያ፦ ማን ይውጣ?

ወደ ኮምፒዩተሩ ከመሄድ በፊት በወረቀት ላይ መወሰን ያለበት ጉዳይ ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «አንድ ጊዜ የነካን ሁሉ ይውጣ» ተብሎ የገጹ ተከታዮች፣ መልእክት የላኩና ድረ ገጹን የጎበኙ ሰዎች በሙሉ ሲገለሉ፣ ዘመቻው ሊገዙ ጫፍ ላይ የደረሱትን አጥቶ ስለ ሱቁ ሰምተው ከማያውቁ ሰዎች ጋር ብቻ ይቀራል። ዋጋ ጠይቆ የጠፋ ሰው ገና አልተገኘም። መውጣት ያለበት ዕቃ ተረክቦ የከፈለ ሰው ነው።

ከዚህ ወዲያ ሁለት ሁኔታዎች ለየብቻ መታየት አለባቸው። የመጀመሪያው ትእዛዝ አስገብቶ ገና ያልተረከበው ሰው ነው። የሱቁ ሠራተኛ ደውላ አድራሻ እያረጋገጠችለት ሳለ ማስታወቂያ ማሳየት ትርፍ ወጪ ስለሆነ፣ ይህ ሰው ለጊዜው ይወጣል፤ ትእዛዙ ከተሰረዘ ግን ወደ ዘመቻው ሊመለስ ይገባል። ስለዚህ ከከፋዮች ዝርዝር ጋር አይደባለቅም። ዕቃው በር ላይ ሲደርስ «አልፈልግም» እያለ ደጋግሞ የሚመልሰውን ሰው ደግሞ፣ ደንበኛ ባይሆንም በቋሚነት ማስወጣት የሞተር ሳይክል አመላላሹን ወጪ ጭምር ያድናል።

ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ድምፁ የጠፋ ደንበኛ ነው። በዳይፐር ንግድ ሦስት ወር ሙሉ ያላዘዘች እናት ወይ ሌላ ሱቅ ሄዳለች፣ ወይ ልጇ ከዳይፐር ወጥቷል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ልጅ ይዛ ልትመለስ ትችላለች። አንዳንድ አስተዋዋቂዎች እንዲህ ያለውን ሰው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ወደ አዲስ ደንበኛ ዘመቻ ይመልሱታል። እኔ አልስማማም። የአዲስ ደንበኛ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ «ለመጀመሪያ ትእዛዝ ቅናሽ» የሚል ነገር ይዞ ይወጣል፤ ያንን ቅናሽ ለቀድሞ ደንበኛ መስጠት ኪሳራ ነው፤ አሳይቶ መከልከል ደግሞ ቅሬታ ያመጣል። የጠፋው ደንበኛ ለእርሱ የተጻፈ መልእክት በተለየ ትንሽ በጀት ቢደርሰው፣ ወይም ጭራሽ በቴሌግራምና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ቢጠየቅ ይሻላል። ስለዚህ ለዚህ ሱቅ ደንቡ እንዲህ ይሆናል፦ ከፍሎ የተረከበ ሰው ሁሉ፣ መቼም ይግዛ መቼ፣ ከአዲስ ደንበኛ ዘመቻ ውጪ ነው።

የስልክ ዝርዝሩን ማጽዳት

ሌላ አገር እንዲህ ያለው ሥራ የሚካሄደው በዋናነት በኢሜይል አድራሻ ነው። በእኛ ንግድ ግን ደንበኛው የሚታወቀው በስልኩ ነው፤ የሥራው ግማሽም የስልክ ቁጥሮቹን ማስተካከል ነው። ሜታ ቁጥሩን ከራሱ ተጠቃሚዎች ጋር የሚያገናኘው የአገር መለያው ካለበት ብቻ ስለሆነ፣ `0911` ብሎ የሚጀምር ቁጥር `251911` ተብሎ መግባት አለበት። ከፊት የመደመር ምልክት ባይኖር ችግር የለውም።

የትእዛዝ መዝገቡን በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ ሲከፍቱ፣ የቁጥሮቹ አጻጻፍ ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ እንደሚለያይ ያያሉ። አንዱ ባዶ ቦታ፣ ሌላው ሰረዝ ጨምሯል፤ ኤክሴል መነሻዋን ዜሮ ስለሚጥላት ዘጠኝ አሃዝ ብቻ የቀሩም አሉ፤ አንዳንዶቹም `2.51911E+11` የሚመስል ቅርጽ ይዘዋል። የመጨረሻው የዓምዱ ስፋትና አቀራረብ ያመጣው ነው፤ ዓምዱ በቁጥር አቀራረብ ያለ ነጥብ ሲስተካከል ቁጥሩ ተመልሶ ይታያል። ፋይሉ በዚያ ቅርጽ እንዳለ በሲኤስቪ ከተቀመጠ ግን የኋለኞቹ አሃዞች ስለሚጠፉ፣ ማስተካከሉ ከማስቀመጡ መቅደም አለበት።

የስልኩ ዓምድ `A` ነው ብንል፣ በ`B2` ላይ ትርፍ ምልክቶቹን እናስወግዳለን፦

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(A2," ",""),"-",""),"+","")
```

በ`C2` ላይ ደግሞ የአገር መለያውን እንጨምራለን፦

```
=IF(OR(LEN(B2)=9,LEFT(B2,1)="0",LEFT(B2,3)="251"),"251"&RIGHT(B2,9),"CHECK")
```

ሁለተኛው ቀመር `CHECK` የሚለውን ቃል የሚያወጣው በምክንያት ነው። በቀላሉ «የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ አሃዞች ወስደህ 251 ጨምር» ብሎ መጨረስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ከውጭ አገር ሆነው ለቤተሰብ የሚያዝዙ ሰዎች ቁጥርም መዝገቡ ውስጥ አለ። በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የ571 ቁጥር የመጀመሪያ አሃዙ ሲቆረጥ በ71 የሚጀምር ዘጠኝ አሃዝ ይቀራል፤ 251 ሲጨመርበትም ልክ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ቁጥር ይመስላል። እንዲህ ያለው ስሕተት በዓይን አይያዝም፤ ውጤቱም አንድ የማይመለከተውን ሰው ማግለልና እውነተኛውን ደንበኛ መተው ነው። ስለዚህ `CHECK` የወጣባቸውን መስመሮች አንድ በአንድ አይተው ትክክለኛውን የአገር መለያ በእጅ ይጻፉ፤ በ00 የሚጀምሩትን ደግሞ ቀመሩ ከመሥራቱ በፊት ያስተካክሉ። ከ251 ቀጥሎ 9 ወይም 7 የሌለበት፣ ወይም ርዝመቱ 12 አሃዝ ያልሆነ ካለም የተሳሳተ ወይም የመስመር ስልክ ነውና ይመልከቱት።

ከውጭ አገር የሚታዘዘው ዕቃ ሁለት ሰው እንዳለበት ልብ ይበሉ፤ ከፋዩ ውጭ ነው፣ ተረካቢዋ እዚህ። ሁለቱም ሱቁን ስለሚያውቁ ሁለቱም ቁጥሮች ይገባሉ። አንድ ሰው የኢትዮ ቴሌኮምና የሳፋሪኮም ሲም ይዞ በሁለቱም ካዘዘም እንዲሁ ሁለቱም ይግቡ፤ ፌስቡክን በየትኛው እንደከፈተ አይታወቅምና። የተደጋገሙትን ቁጥሮች ካስወገዱ በኋላ ከ2,400 የትእዛዝ መስመሮች 1,650 የተለያዩ ቁጥሮች ቢቀሩ አይደንግጡ፤ ነባር ደንበኛ ደጋግሞ እንደሚያዝዝ ማስረጃው ይኸው ነው።

ስምን በተመለከተ ብዙ ባይደክሙ ይሻላል። መዝገቡ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ስም ፌስቡክ ላይ በላቲን ፊደል፣ ያውም በተለያየ አጻጻፍ ወይም በቅጽል ስም ሊገኝ ይችላል። ንጹሕ ስልክና `ET` የሚል የአገር ዓምድ ይበቃል። ኢሜይል ካለ ይጨመር።

አንድ የሕግ ነጥብ አለ። የግል ዳታ ጥበቃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛ ስልክ እንደ ሱቁ የግል ንብረት የሚታይ ነገር አይደለም። በትእዛዝ ቅጹ ላይ ቁጥሩ ለማድረስና ለማስታወቂያ አስተዳደር እንደሚውል በግልጽ ይጻፍ፤ እንዳይካተት የጠየቀ ሰውም አይካተት። ፋይሉ ሲጫን ቁጥሮቹ በአሳሹ ውስጥ እያሉ ወደ ምስጢራዊ ኮድ ተለውጠው የሚላኩ መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ግን ደንበኛውን የማሳወቅ ግዴታን አያስቀርም።

ዝርዝሩን መጫንና ክፍተቱን በፒክስል መሸፈን

በማስታወቂያ ማስተዳደሪያው ውስጥ `Audiences` የሚለውን ከፍተው `Create audience`፣ ቀጥሎ `Custom audience`፣ ከዚያም `Customer list` የሚለውን ይምረጡ። ፋይሉን ሲጭኑ ሥርዓቱ ዓምዶቹን ምን ምን እንደሆኑ ይጠይቃል፤ የስልኩ ዓምድ `Phone` ተብሎ መመደቡን ያረጋግጡ። ስሙን ማንም ሠራተኛ ሲያየው በሚገባው መንገድ ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ከፍለው የተረከቡ፣ ሁሉም» የሚል። የጠፉትን ደንበኞች ለማስታወስ የሚውል ሌላ ዝርዝር ካለ ሁለቱ በስም እንዳይምታቱ ነው።

ሥርዓቱ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግምታዊ የሰው ብዛት ያሳያል። ከ1,650 ቁጥሮች ሁሉም አይገኙም፤ የሰጡን ስልክ ከፌስቡክ መለያቸው ጋር ያልተያያዘ፣ ወይም ጭራሽ ፌስቡክ የሌላቸው ይኖራሉ። የተገኘው በጣም ጥቂት ከሆነ ግን ጥፋቱ ከሰዎቹ ሳይሆን ከአጻጻፉ ነውና ወደ ስልኩ ዓምድ ይመለሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የጎደለ የአገር መለያ ነው። የተገኙት ከ100 በታች ከሆኑ ዝርዝሩ ሊሠራ አይችልም።

ይህ ዝርዝር በራሱ አያድግም። ሰኞ ከተጫነ፣ ማክሰኞ የገዛች እናት እስከሚቀጥለው ጭነት ድረስ አዲስ ሰው ሆና ትቆያለች። ክፍተቱን የሚሸፍነው ፒክስል፣ ማለትም ጎብኚዎች በድረ ገጹ ላይ የሚያደርጉትን ለሜታ የሚያሳውቀው ኮድ ነው። እዚያው `Custom audience` ውስጥ `Website` የሚለውን መርጠው፣ `Purchase` የተመዘገበባቸውን ሰዎች እስከሚፈቀደው ከፍተኛ ጊዜ፣ ማለትም እስከ 180 ቀናት የሚይዝ ሁለተኛ ቡድን ይፍጠሩ። ፒክስሉ ትኩስ ገዢዎችን ወዲያው ይይዛል፤ ነገር ግን ከ180 ቀን በላይ አያስታውስም፤ በስልክና በቴሌግራም ያዘዙትንም አያያቸውም፤ ክትትልን የከለከሉ የአይፎን ተጠቃሚዎችም ከፊሎቹ ያመልጡታል። የስልክ ዝርዝሩ እነዚህን ይይዛል። አንዱ ያለ ሌላው ጎደሎ ስለሆነ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በዚህ ሱቅ `Purchase` የሚመዘገበው ቅጹ ሲላክ እንጂ ዕቃው ሲደርስ አይደለም፤ ስለዚህ የ180 ቀኑ ቡድን ትእዛዛቸው የተሰረዘባቸውንም ይጨምራል። የስረዛው ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ የፒክስሉን ጊዜ ወደ 14 ቀን ዝቅ አድርገው የስልክ ዝርዝሩን በየሳምንቱ ያድሱ። ያን ጊዜ ፒክስሉ በመንገድ ላይ ያለውን ትእዛዝ ብቻ ይጠብቃል፤ ዕቃውን ያልተረከበው ሰውም ከሁለት ሳምንት በኋላ በራሱ ወደ ዘመቻው ይመለሳል።

ከማግለል በፊት መለካት

አሁን ወደ ዘመቻው ሄዶ ማግለል የሚቻል ቢሆንም፣ አስቀድሞ ያለውን ሁኔታ መመዝገብ ይገባል፤ አለበለዚያ ከለውጡ በኋላ የሚመጣውን ቁጥር የሚያነጻጽሩበት ነገር አይኖርም። በ`Advertising settings` ውስጥ `Audience segments` የሚል ቦታ አለ። እዚያ ሁለቱን ቡድኖች `Existing customers` በሚለው ሥር ያስገቡ። ይህ እርምጃ ማንንም አያገልም፤ ብዙ ሰው «ነባር ደንበኞቼን ነግሬዋለሁ» ብሎ እዚህ ላይ ያቆምና ገንዘቡ እንደ በፊቱ ይፈስሳል። ጥቅሙ የሽያጭ ዘመቻዎች ሪፖርት በ`Breakdown` ሲከፈል ምን ያህል ገንዘብ በነባር፣ ምን ያህል በአዲስ ሰዎች ላይ እንደወጣ ማሳየቱ ነው።

ከሪፖርቱ ጎን የራስዎን መዝገብ ይያዙ። ከማስታወቂያው ሊንክ የመጣውን እያንዳንዱን ትእዛዝ፣ ቁጥሩን በዚያው መንገድ አጽድተው፣ ከትእዛዙ ቀን በፊት `Customers` በተባለው የሺት ገጽ ላይ ከነበረው ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ፦

```
=IF(COUNTIF(Customers!C:C,C2)>0,"ነባር","አዲስ")
```

ሜታ ያላወቃቸውን ነባር ደንበኞች የሚያጋልጠው ይህ መዝገብ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲለያዩ የሚታመነው እርሱ ነው።

ማግለልና ቁጥሮቹን ማንበብ

አድ ሴት በዘመቻው ውስጥ ማስታወቂያው ለማን እንደሚታይ የሚወሰንበት ክፍል ነው፤ በእያንዳንዱ አድ ሴት የተመልካች ክፍል ውስጥ `Exclude` የሚለውን ከፍተው ሁለቱን ቡድኖች ያስገቡ። የ`Advantage+` ተመልካች የሚጠቀሙ ከሆነ መግለያው በቁጥጥሮቹ ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ፤ እዚያ የገባው ግዴታ ነው፤ እንደ ጥቆማ የሚሰጠውን ግን ሥርዓቱ ሊያልፈው ይችላል። ተመልካች መቀየር አድ ሴቱን ሥርዓቱ ለማን ማሳየት እንደሚሻል ወደሚፈትሽበት የመማሪያ ጊዜ ስለሚመልሰው፣ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያስገቡና ከሳምንት በፊት ሌላ ነገር አይንኩ። ሜታ ይህ ጊዜ እስኪያልፍ በሳምንት 50 ያህል ውጤት ይፈልጋል፤ በጀታቸው ትንሽ ለሆነ ሱቆች ይህን ያህል ላይሞላ ስለሚችል በብዙ አድ ሴቶች ከመበተን መሰብሰብ ይረዳል።

አሁን የሱቁን ሒሳብ እንመልከት። ከማግለሉ በፊት በነበረው ወር ወደ ብር ተለውጦ 60,000 ብር ወጥቶ 120 ትእዛዝ መጣ። ሪፖርቱ «አንድ ትእዛዝ 500 ብር» ይላል፤ ባለቤቱም ደስ ብሎታል። በቡድን ሲከፈል ከ120ው 55ቱ የነባር ደንበኞች ሆነው ተገኙ። የሱቁ መዝገብ ሲመሳከር ደግሞ ነባሮቹ 64 ናቸው፤ ልዩነቱ፣ 9 ሰው፣ ሜታ በስልካቸው ያላገኛቸው ናቸው። ስለዚህ በእውነት የተገኙት አዲስ ደንበኞች 56 ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው ያስወጡት 60,000 ለ56 ሲካፈል ወደ 1,071 ብር ነው።

ከማግለሉ በኋላ ባለው ወር በዚያው 60,000 ብር 88 ትእዛዝ መጣ። የሪፖርቱ ዋጋ ከ500 ወደ 682 ብር ዘለለ፤ ሥራው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ዘመቻው ተበላሸ» ብሎ መግለያውን ያነሳዋል፤ ይህንን ለባለቤቱ አስቀድሞ ያላስረዳ የማስታወቂያ ባለሙያም ለመከራከር ይቸገራል። መዝገቡ ግን ሌላ ይናገራል፦ ከ88ቱ 8ቱ ብቻ ነባር ናቸው፤ አዲሶቹ 80 ሆነዋል፤ አንድ አዲስ ደንበኛ የሚያስወጣው ከ1,071 ወደ 750 ብር ወርዷል። ሪፖርቱ የባሰ፣ ንግዱ የተሻለ መስሎ የታየበት ምክንያት ቀድሞ ርካሽ የነበሩት ትእዛዞች በነፃ የሚመጡ ስለነበሩ ነው።

አንድ ነገር ግን መፈተሽ አለበት፤ የነባር ደንበኞች ጠቅላላ ትእዛዝ፣ ከማስታወቂያም ከሌላም መንገድ የመጣው ተደምሮ፣ ቀነሰ ወይስ እንዳለ ነው? እንዳለ ከሆነ ያለ ማስታወቂያም ይመጡ ነበር ማለት ነው። በግልጽ ከቀነሰ ማስታወቂያው ለእነርሱ ማስታወሻ ሆኖ ይሠራ ነበር፤ መፍትሔው መግለያውን ማንሳት ሳይሆን በወሩ ማብቂያ ገደማ በቴሌግራም ወይም በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማስታወስ ነው፤ ወጪው ከማስታወቂያው ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ በኋላ የሚያፈስሱ ቀዳዳዎች

የስልክ ዝርዝሩን በሳምንት አንድ ቀን ያድሱ፤ አዲስ ቡድን መፍጠር አያስፈልግም፤ ያለውን ከፍተው አዲሶቹን ቁጥሮች መጨመር ይበቃል። አዲስ ቡድን ከፈጠሩ አሮጌው በአድ ሴቶቹ ላይ እንደተሰካ ይቀራል፤ አዲሱ ደግሞ የትም ሳይሰካ ይረሳል።

መግለያው የሚሠራው በገባበት አድ ሴት ብቻ ነው። ሠራተኛው አዲስ አድ ሴት ከባዶ ሲከፍት መግለያው አይከተለውም፤ ካለው ገልብጦ ቢጀምር ግን አብሮ ይገለበጣል። ከሁሉ በላይ የሚያመልጠው ከገጹ ላይ በስልክ `Boost` ተብሎ የሚገፋ ጽሑፍ ነው፤ ለበዓል ቅናሽ ተብሎ በችኮላ ሲገፋ በአድ ሴቶቹ ላይ የተሠራው መግለያ አይመለከተውም። በወሩ መጨረሻ በሪፖርቱ የነባር ደንበኞች ድርሻ እንደገና ከፍ ብሎ ከታየ፣ ዝርዝሩን ከመጠርጠር በፊት በዚያ ወር የተገፉትን ጽሑፎች ይመልከቱ።